ኢሜይል የሚገባልኝ አፑን ስከፍተው ብቻ ነው፤ ባትሪ ቆጣቢውን ደግሞ ማጥፋት አልችልም

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2:20

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። አብዛኞቹ እንግዶቼ የሚጽፉልኝ በኢሜይል ነው። ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ ክፍል የሚጠየቅበት ጊዜ አሁን ነው።

ችግሬ ይኼ ነው። ኢሜይል ሲመጣ ስልኬ ዝም ይላል። አፑን ስከፍተው ግን አምስት ስድስቱ ባንዴ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት አራት ሆነው የሚመጡ እንግዶች ለሦስት ሌሊት ክፍል ጠየቁኝ። የጻፉት ከጠዋቱ 3:14 ላይ ነው። እኔ ያየሁት ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ለሌላ ጉዳይ አፑን ስከፍተው ነው። ወዲያው መለስኩላቸው። እነሱ ግን ሌላ ቦታ ይዘው ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስልኬ ሳምሰንግ ነው፣ ኤ ከሚባሉት፣ አንድሮይድ 14። ሁለት አድራሻ አለኝ። አንዱ የጂሜይል ነው፣ ሌላው በማረፊያዋ ስም የተከፈተ ነው። ሁለቱንም የማየው በጂሜይል አፕ ነው። መብራት ስለሚጠፋብን ባትሪ ቆጣቢውን ሌት ተቀን አብርቼ ነው የማቆየው። ስለዚህ «አጥፊው» የሚል መልስ ብዙም አይጠቅመኝም።

ስልክ ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ከራሱ ስልክ ኢሜይል ላከልኝ፣ ወዲያው ጮኸ። «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ቤት ስገባ ያው ነው።

---

የአዘዞ ልጅ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2:41

የኔም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ድምፁ ተዘግቶ ነው። የጂሜይሉን ኖቲፊኬሽን ክፈችና ድምፅ ምረጪለት፣ «Do not disturb» የሚለውም መጥፋቱን እዪ። እኔ ሌሊት እንዳይረብሸኝ አብርቼው ረስቼው ኖሮ ሳምንት ሙሉ ተቸገርኩ።

---

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2:50

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የኔ ግን ድምፅ ብቻ አይደለም። ላይ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ምልክቱም አይወጣም። አፑን እስክከፍተው ድረስ መልእክቱ ስልኬ ውስጥ ጭራሽ የለም።

---

ነጋዴው · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3:05

ዳታ ቆጣቢው ነው። «Data saver» የሚለውን አጥፊው፣ ያበቃል። እኛ ጥቅል እንዳያልቅብን ብለን እናበራዋለን፣ እሱ ደግሞ ከጀርባ ያለውን አፕ ሁሉ ኔት ይከለክላል። ካልሆነ ጂሜይሉን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው።

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3:38

ስልክ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይኼ ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል።

ነጋዴው ያለው እውነትነት አለው፣ ግን በቀላሉ ይለያል። ዳታ ቆጣቢ የሚከለክለው በሲም ዳታ ላይ ነው። ዋይፋይ ላይ ስትሆኚ አይነካሽም። እህቴ፣ ማረፊያሽ ውስጥ ዋይፋይ ካለና እዚያም ላይ ኢሜይሉ ከዘገየ ዳታ ቆጣቢው ንጹሕ ነው።

አሁን ስልክ ቤት ሠርቶ ቤት ለምን እንደማይሠራ ልንገርሽ። አንድሮይድ ስልክ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ስክሪኑ ከጠፋ፣ ጠረጴዛ ላይም ሳይነካ ከቆየ ያንቀላፋል። ይኼ ጠባይ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለ ነው። እንደተኛ አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ይነቃል፣ የተጠራቀመውን ሥራ ባንዴ ይሠራል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሳይነካ በቆየ ቁጥር የሚነቃባቸው ጊዜያት እየተራራቁ ይሄዳሉ። ልጁ ግን ስልክሽን በእጁ ይዞ፣ ስክሪኑ በርቶ ነው የሞከረው። በእጅ የተያዘ ስልክ አይተኛም። እንዲህ ያለ ሙከራ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» የሚል መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀየርሽ በፊት በትክክል ሞክሪው። መጀመሪያ የኖቲፊኬሽን መዝገቡን አብሪ። «Settings»፣ ከዚያ «Notifications»፣ ከዚያ «Advanced settings»፣ ከዚያ «Notification history»። ይኼ የ24 ሰዓቱን ኖቲፊኬሽን ከነሰዓቱ ይይዝልሻል። ከዚያ ስልኩን ከቻርጅ ንቀዪ፣ ስክሪኑን አጥፊ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ለአንድ ሰዓት አትንኪው። ሰዓቱ ሲሞላ ሌላ ሰው ለሁለቱም አድራሻ ኢሜይል ይላክልሽ። ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ሳይመጣ ከቀረ አፑን ክፈቺ።

ሁለት ሰዓት አስተያዪ። አንዱ ኢሜይሉ ላይ የተጻፈው ነው፣ ሌላው መዝገቡ ላይ ያለው። ኢሜይሉ ላይ ያለው ሰዓት ከላኪው ሰዓት ጋር ከገጠመ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ በጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ያቆየው ስልኩ ነው። ስልክሽ 9:14 ሲል ያው የኛ 3:14 ነውና እንዳትደናገሪ።

---

ማራኪ ተማሪ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 4:02

እኔም ልጨምር። ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ፣ ስልኬ ቴክኖ ነው። የስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተልኮልኝ በማግስቱ ነው ያየሁት፣ ለጥቂት ነው ያልፎረሸብኝ። ልዩነቱ እኔ ባትሪ ቆጣቢ አላበራም። ግን አፕ ከተጠቀምኩ በኋላ ሁሉንም ጠርጌ ነው የምዘጋው። እሱ ነው እንዴ?

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 4:15

ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫውን ልስጥህ። ጂሜይልን ከፍተህ ውጣ፣ እንደለመድከው ጥረገው። ከዚያ የአፑን ምልክት ተጭነህ ቆይና «App info» ውስጥ ግባ። «Force stop» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ፣ አልጫንም ካለህ ስልኩ አፑን ጨርሶ አቁሞታል። እንዲህ የቆመ አፕ አንተው በእጅህ እስክትከፍተው ድረስ ምንም መልእክት አይደርሰውም። ቁልፉ የሚጫን ከሆነ ግን መጥረጉ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው።

---

ማራኪ ተማሪ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 4:22

ደብዝዟል! አሁን አየሁት።

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 4:31

እንግዲያው ሁለት ነገር አድርግ። የተከፈቱት አፖች ዝርዝር ላይ ጂሜይልን ቆልፈው፣ የቁልፍ ምልክት አለው። ከዚያ ሴቲንግ መፈለጊያው ላይ «Auto-start» ብለህ ጻፍ። ቦታው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስታገኘው ለጂሜይል ፍቀድለት። አፕ መጥረግ ባትሪ ያድናል የሚባለውንም ተወው። ጠርገህ እንደገና በከፈትከው ቁጥር ስልኩ ከዜሮ ነው የሚያስነሣው፣ እሱም ባትሪ ይበላል።

---

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1:45

እንዳልከኝ አደረግሁ። ልጻፈው።

ስልኩን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ዋይፋይ ላይ ነበር፣ ባትሪ ቆጣቢው በርቶ። 8:05 ላይ እህቴ ለሁለቱም ላከችልኝ። እስከ 8:50 ምንም የለም። አፑን ከፈትኩት፣ ሁለቱም ወረዱ። ኢሜይሎቹ ላይ ያለው ሰዓት 2:05 ነው። መዝገቡ ላይ ግን የጂሜይል ስም ጭራሽ የለም።

ሁለተኛውን ሙከራ ባትሪ ቆጣቢውን አጥፍቼ ሞከርኩ። አሁንም ዝም። እኔ ጥፋቱ የባትሪ ቆጣቢው ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለምን ሆነ?

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2:10

በጣም ጥሩ አድርገሻል። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፍተሽም ዝም ካለ ከሱ በታች ሌላ የሚያስተኛው ነገር አለ። ሳምሰንግ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኼ ነው፦ «Settings»፣ «Battery»፣ «Background usage limits»። አንዳንዱ ሞዴል ላይ «Battery» የሚገኘው «Device care» ውስጥ ነው። እዚያ ሦስት ዝርዝር ታያለሽ። «Sleeping apps» ውስጥ ያለ አፕ ከጀርባ አልፎ አልፎ ብቻ ይሠራል። «Deep sleeping apps» ውስጥ ያለ ደግሞ ስትከፍችው ካልሆነ በቀር ጭራሽ አይሠራም። ሦስተኛው እንዳይተኙ የምትመርጫቸው ናቸው። ጂሜይል የትኛው ውስጥ እንዳለ ንገሪኝ።

---

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2:19

«Deep sleeping apps» ውስጥ ነው! የእህቴ ልጅ ክረምት ላይ መብራት ሲያስቸግረን «ባትሪሽን ላቆይልሽ» ብሎ ብዙ ነገር ነካክቶ ነበር። ካልኩሌተሩም፣ ጨዋታዎቹም፣ ጂሜይሉም እዚያ ናቸው። ልጁ መልካም አስቦ ነው። ጂሜይሉ ምን እንደሚሆን አላወቀም።

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2:47

ካልኩሌተሩና ጨዋታዎቹ እዚያው ይተኙ፣ ምንም አይጎድልሽም። ጂሜይሉን አውጪና ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ አስገቢው። አንዳንዱ ስልክ ላይ «Never sleeping apps»፣ አንዳንዱ ላይ «Never auto sleeping apps» ይባላል። ከዚያ እንደገና ሞክሪ፣ አንዴ ቆጣቢው ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ። ሌላ ነገር አትንኪ። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንዳዳነሽ አናውቅም።

---

ኮዱ ያለበት · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3:20

ኮምፒውተር ላላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሳትጠብቁ መሞከር ይቻላል። ስልኩ ላይ «USB debugging» አብሩና adb የሚባለው የትእዛዝ መስጫ ፕሮግራም ካለበት ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኙ። ከዚያ፦

```
adb shell dumpsys battery unplug
adb shell dumpsys deviceidle force-idle
```

የመጀመሪያው ገመዱ ተነቅሏል ብሎ ስልኩን ያሳምነዋል። ሁለተኛው ያስተኛዋል። ከማዘዛችሁ በፊት ስክሪኑን አጥፉ። ከዚያ ኢሜይል ላኩ። ስትጨርሱ መመለስ አትርሱ፦

```
adb shell dumpsys deviceidle unforce
adb shell dumpsys battery reset
```

ስልኩ ጂሜይልን የት መደብ ውስጥ እንዳስቀመጠውም ይታያል።

```
adb shell am get-standby-bucket com.google.android.gm
```

10 ካለ አፑ አሁን በሥራ ላይ ያለ ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ገደቡ ይጠብቃል። 40 ማለት ስልኩ «ይኼን አፕ ብዙም አይፈልጉትም» ብሎ መድቦታል። 45 ደግሞ በጣም የተገደበ ማለት ነው። ትእዛዙን ስትሰጡ አፑ ክፍት ከሆነ ግን 10 ነው የሚያወጣው። ዘግታችሁ ቆይታችሁ ጠይቁ።

---

የአዘዞ ልጅ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3:33

ይኼ ሁሉ ከሚሆን ለሁሉም አፕ «Unrestricted» መስጠት አይቀልም? እኔ ለሁሉም ሰጥቻለሁ።

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3:50

ለሁሉም ከሰጠህ ስልኩ መተኛቱን ትቶ ባትሪህ በጊዜ ያልቃል። መብራት ጠፍቶ ለሚያድር ሰው ይኼ ከባድ ነው። ለአንድ ጂሜይል ብቻ መስጠት ግን ብዙ አያስከፍልም። የጂሜይል አድራሻ መልእክት የሚመጣው ስልኩ ከጉግል ጋር በሚይዛት አንዲት መስመር ነው። ብዙ ሌሎች አፖችም የሚጠቀሙት ያንኑ መስመር ነው፣ ስለዚህ ለጂሜይል ተብሎ ሌላ አይከፈትም።

---

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 4:30

ሁለት ቀን ስሞክር ቆየሁ። ጂሜይሉን አውጥቼ ሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት።

ቆጣቢው ጠፍቶ፦ የጂሜይሉ አድራሻ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጮኸ። ስልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ ነው! የማረፊያዋ አድራሻ ግን 26 ደቂቃ ቆይቶ ገባ።

ቆጣቢው በርቶ፦ የጂሜይሉ 19 ደቂቃ ዘገየ። የማረፊያዋ አድራሻ ጭራሽ አልመጣም፣ 45 ደቂቃ ጠብቄ አፑን ከፈትኩት።

ከዚያ ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩ። የጂሜይልን «App info» ከፍቼ «Battery» ውስጥ ገብቼ «Unrestricted» አደረግሁት። ቆጣቢው እንደበራ የጂሜይሉ አድራሻ ወዲያው ገባ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፣ ሦስቱንም ወዲያው ነው።

የማረፊያዋ አድራሻ ግን አሁንም ይዘገያል። አንድ አፕ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ዋይፋይ ነው። ለምን ይለያያሉ?

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 6:15

ይኼ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የፖስታ ሣጥን አስቢ። እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። ባለሣጥኑ ቁልፉን ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ ነው የሚያየው። የማረፊያሽ አድራሻ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ስልክሽን አይጠራም። ጂሜይል አፑ ራሱ በየተወሰነ ጊዜ ሄዶ «የመጣ አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የአፑ ሴቲንግ ውስጥ ያንን አድራሻ ብትከፍችው «Sync frequency» የሚል አለ። ትንሹ ምርጫ 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስልኩ ንቁ ሆኖ እንኳ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ስልኩ ከተኛ ደግሞ መሄጃው ሰዓት ቢደርስም ስልኩ እስኪነቃ ይጠብቃል። 26 ደቂቃው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የጂሜይሉ አድራሻ ግን ደብዳቤውን ይዞ በርሽ ድረስ የሚመጣ መልእክተኛ አለው። መልእክት ሲደርስ የጉግል ሰርቨር ስልክሽን ያንኳኳል። የተኛ ስልክ እንኳ ይኼን ማንኳኳት እንዲሰማ ተፈቅዶለታል። ችግሩ አፑ «Deep sleeping» ውስጥ ሲሆን ነው። መልእክተኛው ከውጪ ያንኳኳል፣ ዘበኛው ግን «እሷን አትቀስቅሱ» ተብሏል። ስለዚህ ማንም አይነግርሽም።

ባትሪ ቆጣቢው ደግሞ ሌላው ዘበኛ ነው። ከጀርባ ያሉትን አፖች ኔት ይነፍጋቸዋል። አፑ ተጠርቶም መልእክቱን ሊያወርድ ሲሄድ መንገዱ ዝግ ይሆንበታል። «Unrestricted» ስትዪው ያንን በር ነው የከፈትሽለት። ለዚህ ነው ቆጣቢው እንደበራ የጂሜይሉ የተስተካከለው። የማረፊያዋ አድራሻ ግን ከመጀመሪያውም የሚያንኳኳለት የለም። በሩ ቢከፈት መንገዱ አይዘጋበትም እንጂ ተራውን መጠበቁ አይቀርም።

---

ነጋዴው · ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 6:40

ለዚያ መፍትሔ አለው። የማረፊያዋን አድራሻ ወደ ጂሜይሉ አስተላልፊው። አድራሻውን የከፈተልሽ ሰው ሰርቨሩ ላይ «Forward» የሚለውን ያስተካክልልሽ። የመጣው ሁሉ ቅጂው ወደ ጂሜይል ይሄዳል፣ ጂሜይል ደግሞ ያንኳኳልሻል። እኔ የሱቄን እንደዚያ ነው ያደረግሁት፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 6:58

በዚህ ነጋዴው ልክ ነው። እኔም የምመክረው ይኼን ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የተላለፈ ኢሜይል አንዳንዴ ጂሜይል ላይ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ ምክንያቱም ላኪው ሌላ፣ ያስተላለፈው ሰርቨር ሌላ ሆኖ ይታየዋል። ስፓም የገባ አይጮህም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት በቀን አንዴ ስፓሙን እዪ። የእንግዳ መልእክት ካገኘሽ «Not spam» በዪው። ቅጂው ዋናው ሣጥን ላይም እንዲቀር አስደርጊ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።

ስትመልሺ ደግሞ ከየትኛው አድራሻ እየመለስሽ እንደሆነ እዪ። እንግዳው ለማረፊያዋ ጽፎ ከማያውቀው አድራሻ መልስ ሲመጣለት ይጠራጠራል።

---

ደባርቅ መንገድ · ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 1:12

እኔ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ይዤ የምሄድ አስጎብኚ ነኝ። የኔ አይፎን ነው። እኔም ይዘገይብኛል፣ ግን የምትሏቸው ሴቲንጎች አንዱም የኔ ላይ የለም። ጂሜይሌን የማየው ስልኩ ላይ ባለው ሜይል በሚባለው ነው። ከደባርቅ አልፈን ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ትቼዋለሁ። ከተማ ውስጥ ሆኜም ይዘገያል።

---

ኮዱ ያለበት · ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 1:35

አይፎን ላይ መንገዱ ሌላ ነው። የአፕል ሜይል ለጂሜይል አድራሻ የሚያንኳኳ የለውም፣ ራሱ እየሄደ ነው የሚያየው። የሜይል አካውንቶች ሴቲንግ ውስጥ «Fetch New Data» የሚል አለ። እዚያ «Automatically» ላይ ከሆነ ከጀርባ የሚያወርደው ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ላለ አስጎብኚ ይኼ አይሆንም። «Low Power Mode» ሲበራ ደግሞ ማውረዱ ጭራሽ ይቆማል። ባትሪው ቢጫ ሆኖ ከታየህ እሱ በርቷል ማለት ነው። ቀላሉ የጂሜይልን የራሱን አፕ መጫንና ኖቲፊኬሽኑን ለሱ መፍቀድ ነው።

---

ደባርቅ መንገድ · ታኅሣሥ 11፣ ከምሽቱ 1:49

ቢጫ ነው! ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ነገ እሞክረዋለሁ፣ ተባረክ።

---

ባለማረፊያዋ · ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 2:05

ማስተላለፉ ተስተካከለልኝ። አሁን ለማረፊያዋ የሚጻፈውም በጂሜይሉ በኩል ወዲያው ይጮሃል። ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የተጻፈልኝን ጥያቄ ወዲያው መለስኩ። ለጥምቀት ሁለት ክፍል ያዙ። ባትሪ ቆጣቢውም እንደበራ ነው። ባትሪው በፊት ከሚቆየው ብዙ አልቀነሰብኝም፣ ማታ ላይ የሚቀረኝ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስፓም ውስጥ ሁለት የእንግዳ መልእክት አግኝቻለሁ፣ ስለዚህ ማየቱን አልተውኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሞቼ።

አንድ ነገር ግን አለ። ከክፍል ማስያዣ ድረ ገጹ የሚመጡት አሁንም አይጮሁም። ሰው በቀጥታ የጻፈው ብቻ ነው የሚጮኸው።

---

ኮዱ ያለበት · ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 2:21

እሱ ባትሪ ላይሆን ይችላል። ጂሜይል ከድረ ገጽ የሚመጣውን «Updates» ወይም «Promotions» ውስጥ ይከተዋል፣ ለነሱ ደግሞ ካልነገርሽው አይጮህም። አፑ ሴቲንግ ውስጥ አድራሻውን ክፈቺ፣ «Manage labels» ግቢ፣ «Updates» ላይ ኖቲፊኬሽኑን አብሪ። ወይም ከድረ ገጹ የመጣውን አንዱን ኢሜይል ወደ «Primary» አዛውሪው።

---

ማራኪ ተማሪ · ታኅሣሥ 16፣ ከጠዋቱ 2:50

እትዬ፣ እንኳን ተስተካከለልዎ። የኔ አራት ቀን ደህና ሠራ። ትናንት ማታ ስልኩ አፕዴት አደረገ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያው ሆነ። «Auto-start» ላይ ሰጥቼው የነበረው ፈቃድ ጠፍቷል፣ መልሼ ሰጠሁት። ጋሼ ጠጋኝ፣ አፕዴት በመጣ ቁጥር እንዳይጠፋ ማድረጊያ አለው?

---

የፒያሳ ጠጋኝ · ታኅሣሥ 16፣ ከቀኑ 7:10

እኔ የማውቀው የለም። ደንበኞቼ ላይም ያጋጥማል። አፕዴት ባደረገ ቁጥር «Auto-start»ን ገብተህ እየው፣ ከዚያም ስልኩን አስቀምጠህ ለራስህ ኢሜይል ላክ። ሌላ መንገድ ያገኘ ካለ እዚህ ይጻፍልን፣ እኔም እፈልገዋለሁ።